0.88፣ 0.44 ወይስ 0.08? የጋውሲያን ፐልስ ስፋት በጊዜና በፍሪኩዌንሲ

«ጋሼ፣ የታንከር ብረት የምፈትሸው በ5 ሜጋ ኸርዝ አልትራሳውንድ ፕሮብ ነው። ከብረቱ የጀርባ ገጽ ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ የሚርቅ ላሚኔሽን፣ ማለትም በብረቱ ውስጥ ያለ የንብርብር መለያየት፣ ለይቼ ማየት እፈልጋለሁ። ፐልሱን መጀመሪያ በኮምፒውተር ጋውሲያን አድርጌ ሠራሁት፤ ፎሪየር ትራንስፎርሙም ጋውሲያን ሆኖ ወጣ። የጊዜውን ስፋት በፍሪኩዌንሲው ስፋት ሳባዛ ግን 0.88 ይመጣል። አንድ የሌዘር መጽሐፍ 0.44 ይላል፣ የተማርኩበት ደብተር 0.08። የቱ ነው ልክ? ደግሞ ፐልሱን ባጠበብኩ ቁጥር ስፔክትረሙ ይሰፋብኛል። ሁለቱንም አንድ ላይ ማጥበብ አይቻልም?»

ሦስቱም ልክ ናቸው። የሚለያዩት ስፋቱ የት ላይ እንደተለካ ነው። አንተ የለካኸው አምፕሊቱዱ ግማሽ በሚሆንበት ከፍታ ላይ ነው፤ በእኛ ሥራ −6 ዴሲቤል የምንለው ማለት ነው። የሌዘር ሰዎች የሚለኩት አምፕሊቱዱን ሳይሆን ኢንቴንሲቲውን፣ ማለትም የአምፕሊቱዱን ካሬ ነው። ጋውሲያንን ካሬ ስታደርገው ያው ጋውሲያን ነው፤ ስፋቱ ብቻ በ1.41 ይቀንሳል። ይህ በጊዜም በፍሪኩዌንሲም ስለሚሆን ብዜቱ በግማሽ ይወርዳል፤ 0.88 የነበረው 0.44 ይሆናል። ደብተርህ ደግሞ የግማሽ ከፍታ ስፋትን ትቶ የኢንቴንሲቲውን ሲግማ፣ ማለትም ስታንዳርድ ዴቪዬሽን፣ ይዟል። የግማሽ ከፍታ ስፋት የሲግማው 2.355 እጥፍ ስለሆነ 0.44ን ለ2.355 ሁለት ጊዜ አካፍለው፤ 0.08 ታገኛለህ። ሙሉ ስሙ 1/(4π) ነው።

በራስህ ኮምፒውተር ላይ ይህን አስኪደው። የፐልሱ የግማሽ ከፍታ ስፋት 0.4 ማይክሮ ሰከንድ ነው።

```python
import numpy as np
fs, N, T = 100e6, 40000, 0.4e-6
t = (np.arange(N) - N/2) / fs
x = np.exp(-4*np.log(2)*(t/T)**2) * np.cos(2*np.pi*5e6*t)
S = np.abs(np.fft.rfft(x))
f = np.fft.rfftfreq(N, 1/fs)
b = f[S >= S.max()/2]
print((b[-1] - b[0]) / 1e6)
```

የሚወጣው 2.205 ሜጋ ኸርዝ ገደማ ነው። በ0.4 ስታባዛው ያው 0.88 ነው። `T`ን ወደ 0.2 ብታወርደው ስፔክትረሙ ወደ 4.4 ይሰፋል፣ ብዜቱ ግን ከቦታው አይነቃነቅም።

ቅርጹ ለምን እንደማይለወጥ አብዛኛው ሰው በረጅም ኢንተግራል ነው የሚማረው፤ እኔ ከዚያ ይልቅ ይህ መንገድ ገብቶኛል። ጋውሲያን የሚታወቀው በአንድ ሕግ ነው፦ ኩርባው በአንድ ነጥብ ላይ የሚወርድበት ፍጥነት ከመሃል ያለው ርቀት ሲባዛ በዚያው ነጥብ ካለው ከፍታ ጋር ይመጣጠናል። በቀመር ሲጻፍ `g'(t) = −(t/σ²)·g(t)` ነው። ፎሪየር ትራንስፎርም ደግሞ ሁለት ነገሮችን ያለዋውጣል። በጊዜ በኩል ዳገትን፣ ማለትም የኩርባውን የለውጥ ፍጥነት፣ መውሰድ በፍሪኩዌንሲ በኩል በፍሪኩዌንሲ ማባዛት ይሆናል፤ በጊዜ ማባዛት ደግሞ በፍሪኩዌንሲ በኩል ዳገትን መውሰድ ይሆናል። እንግዲህ ከላይ ያለውን ሕግ ወደዚያኛው ወገን ስታሻግረው ግራና ቀኙ ቦታ ይለዋወጡና `G'(ω) = −σ²·ω·G(ω)` ይወጣል። ሕጉ ያው ነው፤ ስለዚህ ኩርባውም ያው ጋውሲያን ነው። የተለወጠው በታች የነበረው `σ²` ወደ ላይ መውጣቱ ነው፤ የስፔክትረሙ ስፋት `1/σ` ሆነ ማለት ነው። አንዱ ሲጠብ ሌላው የሚሰፋበት ምክንያት እዚሁ ላይ ቁጭ ብሎ ይታያል።

ይህ ግን የጋውሲያን ጠባይ ብቻ አይደለም። አንድ ፐልስ አጭር የሚሆነው በውስጡ ያሉት ፍሪኩዌንሲዎች መሃል ላይ ተደጋግፈው ከመሃሉ ሲርቁ ስለሚጠፋፉ ነው። ሁለት ሞገዶች በ2.5 ሜጋ ኸርዝ ቢለያዩ፣ አንዱ ሌላውን በአንድ ሙሉ ዙር ለመቅደም 0.4 ማይክሮ ሰከንድ ይፈጅበታል። የፍሪኩዌንሲያቸው ልዩነት ትንሽ ከሆነ ለረጅም ጊዜ አብረው ይጓዛሉ፤ ቶሎ ሊጠፋፉ አይችሉም። ስለዚህ በ0.4 ማይክሮ ሰከንድ ውስጥ ጸጥ የሚል ፐልስ ከፈለግህ ወደ 2.5 ሜጋ ኸርዝ የሚጠጋ ስርጭት መክፈል አለብህ። ዴኒስ ጋቦር በ1946 ይህንን ለመገናኛ ሲግናሎች ሲያሳይ የተጠቀመበት ሒሳብ በኳንተም ፊዚክስ ለቦታና ለሞመንተም ከሚሠራው ጋር አንድ ነው። በሲግማ ሲለካ የትኛውም ሲግናል ከ1/(4π) በታች መውረድ አይችልም፤ ልክ እዚያው ወለል ላይ የሚቆመው ደግሞ ጋውሲያን ብቻ ነው። ሁለቱንም ማጥበብ ይቻል እንደሆነ ለጠየቅኸው መልሱ ይኸው ነው፦ ጋውሲያን ከያዝክ ከዚያ በታች የሚወርድበት ቦታ የለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ልንገርህ። ወለሉ የሚሠራው ለሲግማ ነው እንጂ ለግማሽ ከፍታ ስፋት አይደለም። በዚያው በሌዘር መጽሐፍህ ውስጥ ሴክ ካሬ ለሚባለው ፐልስ 0.315 ተጽፎ ልታገኝ ትችላለህ፤ ከ0.44 ያነሰ ነው። ሕግ አልተጣሰም። የሴክ ካሬ ጭራ ከጋውሲያን ጭራ ይረዝማል፣ የግማሽ ከፍታ ስፋት ደግሞ ጭራን አይቆጥርም። ሲግማ ይቆጥረዋል። አራት ማዕዘን ፐልስ ብትወስድ እንዲያውም የስፔክትረሙ ጭራ በጣም ስለሚረዝም ሲግማው መጨረሻ የለውም።

አሁን ወደ ብረትህ እንምጣ። ድምፅ በብረት ውስጥ በሰከንድ 5900 ሜትር ገደማ ይጓዛል፣ ማለትም በማይክሮ ሰከንድ 5.9 ሚሊ ሜትር። ደርሶ መልስ ስለሆነ የ0.4 ማይክሮ ሰከንድ ፐልስ 1.2 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ይሸፍናል። ከዚያ የሚቀራረቡ ሁለት ኢኮዎች ይደራረባሉ። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ 12 ሚሊ ሜትር ፕሌት ላይ በዚሁ ተይዣለሁ። ላሚኔሽኑ 11.2 ሚሊ ሜትር ላይ ነበር። ሁለቱ ኢኮዎች በ0.27 ማይክሮ ሰከንድ ብቻ ስለሚለያዩ ስክሪኑ ላይ አንድ ወፈር ያለ ኢኮ ሆነው ታዩኝና ፕሌቱን ደህና ነው ብዬ አሳለፍኩት። ብየዳው ሲጀመር ጠርዙ ላይ ብረቱ እንደ መጽሐፍ ገጽ ተከፈለ። ተመልሼ በ10 ሜጋ ኸርዝ ፕሮብ ሳየው ሁለት ጫፍ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ከዚያ በኋላ የኢኮው ውፍረት ከንጹሕ ፕሌት ኢኮ በሩብ ያህል ከበለጠ ፕሮብ ሳልቀይር አላልፍም።

ለአንተ ግማሽ ሚሊ ሜትር የሚያስፈልገው ጊዜ 0.17 ማይክሮ ሰከንድ ነው። 0.88ን ለ0.17 ስታካፍል 5.2 ሜጋ ኸርዝ የፍሪኩዌንሲ ስፋት ይመጣል። በ5 ሜጋ ኸርዝ ፕሮብ ይህ ከመሃል ፍሪኩዌንሲው ይበልጣል፤ እንዲህ ያለ ስፋት ከተለመደ ፕሮብ አትጠብቅ። በኮምፒውተር ላይ ፐልሱን ብታጠብብም የፕሮቡ ክሪስታል የማያወጣውን ፍሪኩዌንሲ ልትጨምርለት አትችልም። በ10 ሜጋ ኸርዝ ፕሮብ ግን 52 ከመቶ ነው፤ ጥሩ ዳምፒንግ ያለው፣ ማለትም ንዝረቱን ቶሎ የሚያቆም ፕሮብ ይህን ያደርሳል።

ፕሮቡን ስትሞክር ፐልሱ በእርግጥ ጋውሲያን መሆኑን የምታውቅበት ቀላል መንገድ አለ። ስፔክትረሙን በዴሲቤል አውጣው፤ የጋውሲያን ስፔክትረም በዴሲቤል ሲሳል ንጹሕ ፓራቦላ ነው። በምሳሌያችን ከመሃሉ 1.1 ሜጋ ኸርዝ ርቀህ −6 ካነበብክ፣ በእጥፉ በ2.2 ላይ −24 ማንበብ አለብህ፤ ርቀቱ ሲደረብ ዴሲቤሉ አራት እጥፍ ነው። በዚያ ፈንታ −18 አካባቢ ቆሞ ወደ ጎን እብጠት እብጠት የሚል ከሆነ፣ አንደኛ ጥርጣሬህ ጌቱ፣ ማለትም ለትንተና የምትወስደው የጊዜ መስኮት፣ ፐልሱን ቆርጦታል የሚል ይሁን። ለ0.4 ማይክሮ ሰከንድ ፐልስ የ0.6 ጌት ብትከፍት ጫፎቹ ላይ አምፕሊቱዱ ገና 21 ከመቶ ነው፤ እዚያ ላይ የሚፈጠረው ድንገተኛ ስብራት በስፔክትረሙ ላይ እብጠቱን ያመጣል። ጌቱን 1.2 ማይክሮ ሰከንድ አድርገው፤ ጫፉ ላይ የሚቀረው 0.2 ከመቶ ብቻ ነው። ዜሮ መጨመር ኩርባውን ያለሰልሰዋል እንጂ የተቆረጠውን አይመልስም። ጌቱ በቂ ሆኖ ስፔክትረሙም ጠባብ ሳለ ብዜቱ ከ0.88 በልጦ 1.2 ወይም 1.5 ከወጣ ደግሞ ኢኮው ከኋላው ጭራ እየጎተተ ነው፤ ብዙ ጊዜ የፕሮቡ ዳምፒንግ መላላቱ ነው።

ሌላም መለየት ያለብህ ነገር አለ። ውፍረት መለኪያህ 0.01 ሚሊ ሜትር ድረስ ያነባል፤ ይህ ከላይ ካልኩት ጋር አይጣረስም። ብቻውን ያለ ኢኮ ጫፉ የት እንደሆነ፣ ጫጫታው ትንሽ እስከሆነ ድረስ፣ ከፐልሱ ስፋት እጅግ ባነሰ ስሕተት ማግኘት ይቻላል። ገደቡ የሚመጣው ሁለት ኢኮዎችን አንዱን ከሌላው ስትለይ ነው፤ የአንተ ችግር ደግሞ ይኸኛው ነው።

ስለዚህ በሮለር ለተዳመጠ ፕሌት 10 ሜጋ ኸርዝ ውሰድ፣ ገጹን በደንብ አጽዳና ጄሉን አሳሳው። ቀልጦ በሻጋታ ፈስሶ የተሠራ ብረት ላይ ግን እንዳትሞክረው፤ የብረቱ ቅንጣት ትልቅ ስለሆነ ከፍተኛውን ፍሪኩዌንሲ በትኖ ስለሚጨርሰው የጀርባው ኢኮ ራሱ ስክሪኑ ላይ ሣር በሚመስለው ጫጫታ ውስጥ ይጠፋብሃል። እዚያ በ5 ሜጋ ኸርዝ ሠርተህ የ1.2 ሚሊ ሜትሩን ገደብ በሪፖርትህ ላይ ጻፈው።