የቅሬታ ሥነ ሥርዓት ስትጽፊ ከቀኖቹ ጀምሪ

«ወደ 90 ሠራተኞች ባሉት የግል ድርጅት ውስጥ በሰው ኃይል አስተዳደር እሠራለሁ። ሥራ አስኪያጁ የቅሬታ አቀራረብና አፈታት ሥነ ሥርዓት ጽፈሽ አምጪ ብሎኛል። ደረጃዎቹን፣ የጊዜ ገደቡንና ቅሬታውን የሚሰማውን አካል እንዴት ልወስን? ናሙና ያላችሁ ብትልኩልኝ።»

እኅቴ፣ በናሙና ፍለጋ አትድከሚ። እኔም የጀመርኩት በናሙና ነበር። ከአንድ ወዳጄ መሥሪያ ቤት የተገኘ ሰነድ ወስጄ፣ ስሙን ቀይሬ፣ በሁለት ቀን አስጸደቅሁት። በዚያ ሰነድ ምክንያት አንድ ሰው ወደ ሥራው የመመለስ መብቱን አጥቷል፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

1. ከሁሉ አስቀድመሽ ቀኖቹን ጻፊ። «በአፋጣኝ»፣ «በተቻለ ፍጥነት»፣ «እንደ አስፈላጊነቱ» የሚሉትን ሁሉ ሰርዢና በቦታቸው ቁጥር አስገቢ። የእኔ ሰነድ «የቅርብ ኃላፊው ቅሬታውን በአፋጣኝ መርምሮ መልስ ይሰጣል» ይል ነበር። በፋብሪካችን የንብረት ክፍል የሚሠራ ሰው ዕቃ ጎደለ ተብሎ መስከረም 12 ቀን የስንብት ደብዳቤ ደረሰው። በማግስቱ ቅሬታውን በሁለት ገጽ ጽፎ ቢሮዬ መጣ። ፍርድ ቤት ልሂድ ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ፣ «አትቸኩል፣ መጀመሪያ የውስጡን ጨርስ» አልኩት። በቅንነት ነበር ያልኩት።

ቅሬታው በሰነዱ መሠረት ወደ ቅርብ ኃላፊው ሄደ። የቅርብ ኃላፊው ደግሞ ይሰናበት ብሎ ሪፖርት የጻፈው ራሱ ነው! ወረቀቱን አምስት ሳምንት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ወደ ኮሚቴ ተላለፈ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ለሥራ ክፍለ ሀገር ወጥቶ ስለነበር ስብሰባው ሁለት ጊዜ ተሰረዘ፤ ተለዋጭ ሰብሳቢ የሚባል ነገር በሰነዱ ውስጥ አልነበረም። በመጨረሻ ታኅሣሥ 26 ቀን «ቅሬታው ተቀባይነት የለውም» የሚል ባለ ሁለት መስመር ደብዳቤ ተሰጠው።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ ከሕግ ውጭ ተሰናበትኩ የሚል ሠራተኛ ወደ ሥራዬ ልመለስ ብሎ መጠየቅ የሚችለው ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ ነው። የእርሱ ሦስት ወር ያለቀው የእኛ መልስ ከመድረሱ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ነው። ፍርድ ቤት ሲሄድ የእኛ ጠበቃ ይርጋን መቃወሚያ አድርጎ አነሳ፤ ችሎቱም ተቀበለው። ከስንብቱ ጋር የተያያዙ ክፍያዎች የይርጋ ጊዜ ስድስት ወር ስለሆነ ለእነሱ ብቻ ተከራከረ። ጠበቃው ረታን ብሎ እጄን ጨበጠኝ። ሰውየው ከችሎቱ በር ላይ ቆሞ «ጠብቅ ያልከኝ አንተ ነህ» አለኝ። ሌላ አልተናገረም።

ብዙ የሰው ኃይል ባለሙያ ልብ የማይለው ይህን ነው። ለድርጅቱ የሚቀርብ የውስጥ ቅሬታ ይርጋውን አያቋርጥም። የሚያቋርጠው የሥራ ክርክርን ለመወሰን ሥልጣን ባለው አካል ወይም አዋጁን በሚያስፈጽመው የመንግሥት አካል ዘንድ የተጀመረ ጉዳይ፣ ወይም አሠሪው የሠራተኛውን መብት በግልጽ ማመኑ ነው። «ቅሬታህን ተቀብለን እያየነው ነው» የሚል ደብዳቤ ማመን አይደለም። ስለዚህ ሰነድሽ ውስጥ፣ በመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ ይህን ዓረፍተ ነገር አስገቢ፦ «ይህን ሥነ ሥርዓት መከተል በሕግ የተወሰነውን የይርጋ ጊዜ አያቋርጥም፤ ሠራተኛው በማንኛውም ጊዜ ሥልጣን ወዳለው አካል የመሄድ መብቱ የተጠበቀ ነው።» የእኛ ሥራ አስኪያጅ «ክሰሱን ብለን ልንጋብዛቸው ነው ወይ» ብሎ ሦስት ጊዜ ሰርዞት ነበር። ሦስት ጊዜ መልሼ አስገባሁት፤ አሁን እዚያው አለ።

ስንብትን ከሌላው ቅሬታ ለይተሽ አጭር መንገድ ስጪው። በእኛ አዲስ ሰነድ ከሥራ የተሰናበተ ሰው የቅርብ ኃላፊውን ዘልሎ በቀጥታ ለኮሚቴው ያቀርባል። ለማቅረብ 5 የሥራ ቀን፣ ኮሚቴው ሰምቶ ለመወሰን 10፣ ሥራ አስኪያጁ ለማጽደቅ 3 አለው። በጠቅላላው 18 የሥራ ቀን ነው። እኛ ቅዳሜንም ስለምንሠራ ሦስት ሳምንት ገደማ ይሆናል፤ ሰውየው ባይስማማ ከሁለት ወር በላይ ይተርፈዋል። «የሥራ ቀን» ማለት ምን እንደሆነም ጻፊ። እሑድና የሕዝብ በዓላት አይቆጠሩም፤ ለመልስ የተሰጠው ቀን ቆጠራ የሚጀምረው ቅሬታው ገቢ በሆነ ማግስት ነው። ለመደበኛው ቅሬታ የቅርብ ኃላፊው 3፣ የመምሪያ ኃላፊው 5፣ ኮሚቴው 10 ቀን አላቸው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ዝምታ ነው። ኃላፊው በቀኑ ካልመለሰ ቅሬታው ውድቅ እንደተደረገ ይቆጠርና ሠራተኛው በማግስቱ ወደሚቀጥለው ደረጃ ይሄዳል። ይህ ካልተጻፈ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ያረጃል።

2. የሚሰማውን በስም ሳይሆን በሥራ መደብ ወስኚ፤ ቅሬታ የቀረበበት ሰው በየትኛውም ደረጃ ሰሚ እንዳይሆን ከልክዪ። ኮሚቴያችን አምስት ሰው ነው። ሁለቱን ሠራተኞች ይመርጣሉ፣ ሁለቱን አመራሩ ይመድባል፣ ሰብሳቢውን ሁለቱም ወገኖች ይስማሙበታል። እያንዳንዱ ተለዋጭ አለው። እኔ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ፣ ድምፅ ግን የለኝም፤ የስንብት ደብዳቤ የሚያዘጋጅ ክፍል ስለ ስንብቱ ድምፅ ሊሰጥ አይገባም። ወሲባዊ ትንኮሳን በተመለከተ ደግሞ ሠራተኛዋ ከኮሚቴው ሴት አባላት ለአንዷ ብቻ እንድታቀርብ ፍቀጂ፤ አለቃዋ ዘንድ ጀምሪ ብትያት ዝም ትላለች። የሠራተኛ ማኅበርና የኅብረት ስምምነት ካላችሁ ግን መጀመሪያ እርሱን አንብቢ፤ የቅሬታ ሥርዓቱ እዚያ ተስማምቶ ሊሆን ስለሚችል ብቻሽን ልትለውጪው አትችዪም።

3. ደረሰኝ። ያ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ቅሬታውን ሲያስገባ ቅጂው ላይ ፈርሙልኝ ብሎ ነበር። የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ «እዚህ ፍርድ ቤት አይደለም፣ አስቀምጠህ ሂድ» ብላ መለሰችው። ቅሬታው መቼ እንደገባ በችሎት ሲጠየቅ ማንም በእርግጠኝነት አላወቀም። አሁን ባለ ሦስት ቅጂ ጥራዝ አሳትመናል። ተራ ቁጥር፣ የገባበት ቀንና ሰዓት፣ የተቀባዩ ፊርማ፣ መልስ የሚሰጥበት የመጨረሻ ቀን አለው። ይህን የመጨረሻ ቀን ተቀባዩ ራሱ ቆጥሮ ይሞላዋል። ሮዙ ቅጂ ለሠራተኛው ነው። ባለፈው ዓመት ስምንት የሌሊት ፈረቃ ሠራተኞች የትርፍ ሰዓት ክፍያችን ተቆረጠ ብለው መጡ። ኃላፊያቸው ሮዙ ወረቀት ላይ ሐሙስ የሚል ቀን ስላየ ሐሙስ ጠዋት የሰዓት መቆጣጠሪያውን መዝገብ ይዞ መጣ። የተዘለለ ገጽ ተገኘ፤ ገንዘቡ በዚያው ወር ደመወዝ ተከፈለ።

አዋጁ በአንቀጽ 26 ላይ ሠራተኛ በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረቡ ውሉን ለማቋረጥ በቂ ምክንያት እንደማይሆን ይናገራል። ይህንንም ጥራዙ ሽፋን ላይ አሳትሚው፤ ቅሬታውን የሚቀበለው ሰው ከመፈረሙ በፊት ያነበዋል።