ክላውዲየስ ሲንበረከክ
«ገዳዩን እንዲያሳዝነን አድርገው የሚጽፉት ይቅር እንድንለው ነው?»

አይደለም ወንድሜ። የሼክስፒርን ተውኔት «ሐምሌት»ን፣ ሦስተኛውን ገቢር ተመልከት። ወንድሙን የገደለው ክላውዲየስ ብቻውን ሊጸልይ ይሞክራል፤ ነገር ግን የገደለላቸውን ዘውዱንና ንግሥቲቱን እንደያዘ ምሕረት እንደማያገኝ ያውቃል። ደብረ ብርሃን ውስጥ ተማሪዎች ሲያሳዩት ከጎኔ የተቀመጡ የመንዝ አዛውንት «የገፋውን ድንበር ሳይመልስ ምን ንስሐ አለ!» ብለው ወለሉን በከዘራቸው መቱት። ነገሩ ገብቷቸዋል። ጭንቀቱን እንጋራለን፣ መውጫውም ይታየናል፤ እርሱ ግን አይመልስም። ስለዚህ ማዘናችን ፍርዱን ያከብድበታል እንጂ አያቀልለትም። ተዋናዩ ገና ሲገባ ዓይኑን ካጉረጠረጠ ግን ይህ ሁሉ ይጠፋል፤ ያኔ አውሬ ሞተ ብለን እፎይ እንላለን። በዚያው ትዕይንት የተገደለው ንጉሥ ልጅ ሐምሌት ሰይፉን መዝዞ ከኋላው ይቆማል፤ በጸሎት ላይ ሳለ ብገድለው ነፍሱ ትድናለች ብሎ ይተወዋል። ሐምሌት ከሄደ በኋላ ክላውዲየስ ጸሎቱ እንዳላረገ እየተናገረ ይነሣል።