የራክዌ ቡና ለምን ይገነፍላል? አረፋውስ የት ገባ?

«እትዬ፣ ቤይሩት ስድስት ዓመት ሠርቼ ስመለስ አሠሪዬ የሰጡኝን ራክዌ፣ ያቺን ረጅም እጀታ ያላትን የቡና ማፍያ፣ ይዤ መጣሁ። እዚያ ውኃውን አፍልቼ ቡናውን ስጨምርበት ወፍራም አረፋ ይሠራልኝ ነበር። አዲስ አበባ ግን ያው አሠራር እምቢ አለኝ። ቡናውን ገና ስጨምር ገንፍሎ ምድጃውን ያጥለቀልቀዋል፤ የተረፈውን ስቀዳ ደግሞ ሲኒው ላይ አረፋ የሚባል የለም። ቡናውን ጠዋት ራሴ ቆልቼ በኤሌክትሪክ መፍጫ እፈጨዋለሁ። ራክዌዋ የስድስት ሰው ናት፤ የማፈላው ግን ለእናቴና ለእኔ ብቻ ነው። ምድጃዬም የኤሌክትሪክ ነው። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?»

ከቡናው እንጀምር፤ ቡናሽ ለዚህ ሥራ ከተቆላ ገና ብዙ አልቆየም። ቡና ሲቆላ በፍሬው ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለው ጋዝ ይታመቃል፤ ከምጣዱ ከወረደ በኋላ ባሉት ቀናት ቀስ እያለ ይወጣል። ቤይሩት ከሱቅ ይገዛ የነበረው ቡና ተቆልቶና ተፈጭቶ የሰነበተ ስለሆነ የፈላ ውኃ ላይ ሲወድቅ ብዙ አይቆጣም። ያንቺ ቡና ግን ጋዙን እንደያዘ ራክዌ ውስጥ ይገባል። የፈላ ውኃ ሲያገኘው ጋዙ በአንድ ጊዜ ይለቀቅና ውኃውን ተሸክሞ ወደ ላይ ይነሣል። ምድጃሽን የሚያጥለቀልቀው ይህ ነው።

ታዲያ ያው ጋዝ ቀስ ብሎ ከወጣ አረፋ ይሆንልሻል። አረፋው የሚቆመው የጋዙንና የእንፋሎቱን ትንንሽ ኳሶች እንደ ዱቄት የደቀቀው ቡና ዙሪያቸውን ሲይዛቸው ነው። ስለዚህ ለጀበና በዕለቱ የተቆላ ቡና ማለፊያ ቢሆንም፣ ለራክዌ የምታስቢውን ከሁለትና ሦስት ቀን በፊት ቆልተሽ፣ ፍሬውን እንዳለ በዕቃ አስቀምጪው። ክዳኑን በመጀመሪያው ቀን አታጥብቂው። የምትፈጪውን የዕለቱን ብቻ ፈጭተሽ ሌላውን ተዪው። ከወር በላይ የቆየ ቡና ግን የሚነፋው ጋዝ ስለሚያጣ አረፋው ይሳሳል።

የፈላ ውኃውን ነገር ደግሞ ተዪው። ሊባኖሶች ብዙዎቹ ውኃ አፍልተው ቡናውን ይጨምሩና ሲነሣ እያወረዱ፣ ሲረጋ እየመለሱ ደጋግመው ያፈሉታል፤ አሠራሩን አልነቅፍም። እኔ ዐሥራ አንድ ዓመት የሠራሁት ኢስታንቡል ነው። ቱርኮች ራክዌን ጄዝቬ ይሏታል፤ ቡናውን፣ ስኳሩንና ቀዝቃዛውን ውኃ አብረው ይጥዳሉ። አዲስ የተቆላ ቡና በእጅሽ ላለ ላንቺ የሚበጀው ይኸኛው ነው፤ ጋዙ ውኃው እየሞቀ ሲሄድ በየጥቂቱ ይወጣልና።

መፍጫሽ ስለት ያለው፣ ፍሬውን እየከተፈ የሚያዞረው ዓይነት ይመስለኛል። እንዲህ ያለው መፍጫ ግማሹን ያደቅና ግማሹን ክርትፍ አድርጎ ይተወዋል። ክርትፉ ወደ ታች ይወርዳል፤ አረፋውን አይዝም። ትክክለኛው ልመት በጣት ይታወቃል፦ በአውራ ጣትሽና በሌባ ጣትሽ መካከል ስታሺው አሸዋ አይሰማሽም፣ እንደ ካካዋ ዱቄት ይለጠፋል፣ ስትጫኚው የጣትሽን መስመር ያሳያል። ከሽሮ ዱቄትም መድቀቅ አለበት። መፍጫሽ ይህን ካልቻለ በጥቅጥቅ የዱቄት ወንፊት ንፊውና በወንፊቱ ላይ የቀረውን ለጀበና አድርጊው። ወይም ፍሬውን ቡና ወደሚፈጭ ሱቅ ወስደሽ «ለቱርክ ቡና፣ መጨረሻ ድረስ አድቅቁልኝ» በያቸው። የቅመም ወፍጮ ቤት ግን አትውሰጂ፤ የበርበሬው ሽታ ከቡናሽ አይለቅም።

ራክዌዋን በተመለከተ፣ ሆዷ ሰፊ፣ አንገቷ ጠባብ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። አረፋው ወደ ላይ ሲወጣ ጠባቡ አንገት ሰብስቦ ያወፍረዋል። ለስድስት ሰው በተሠራ ዕቃ የሁለት ሰው ውኃ ብታደርጊ ቡናው ሆዷ ላይ ተዘርግቶ ይቀራል፤ አረፋውም ስስ ሆኖ ይበተናል፤ አንገቱ ድረስ ሳይደርስም ይፈላል። ውኃውና ቡናው አብረው አንገቱ መጥበብ የሚጀምርበት ቦታ ላይ መድረስ አለባቸው። ከዚያ በላይ ከሆነ መነሻ ቦታ ያጣና ይገነፍላል፤ ከዚያ በታች ከሆነ አረፋ የለም። ለሁለት ሰው የምትሆን ትንሽ ራክዌ ከውጭ የሚመጣ ሰው ካለ አስመጪ። እስክትመጣልሽ ድረስ ቢያንስ አራት ሲኒ አፍልተሽ ጎረቤት ብትጠሪ ይሻላል።

አሁን ወደ እሳቱ። እኔም ከኢስታንቡል ተመልሼ አዲስ አበባ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቡናዎች በእንግዳ ፊት አገንፍያለሁ፤ ከዐሥራ አንድ ዓመት ልምድ በኋላ! ሁለት ነገር ነበር ያልገባኝ። አንደኛው የከፍታው ጉዳይ ነው። ኢስታንቡልም ቤይሩትም ባሕር ዳርቻ ላይ ስላሉ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውኃ እዚህ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። እዚያ ቡናው ከሞቀ በኋላ እስኪፈላ ድረስ የምታገኚው ፋታ እዚህ ያጥራል። ዓይንሽ የለመደው ሰዓት ስለዚህ ያታልልሻል፤ እዚያ «ገና ነው» የምትዪው እዚህ «አመለጠ» ነው።

ሁለተኛው ምድጃው ነው። የጋዝ እሳት ስትቀንሽው ወዲያው ይቀንሳል። የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ በተለይ የብረት ሰሌዳ ያለው፣ ብታጠፊውም ሙቀቱን ለደቂቃዎች ይዞ ይቆያል። ቡናው ሲነሣ መቆጣጠሪያውን ማዞር ውኃ ካለፈ በኋላ ድልድይ እንደ መሥራት ነው። በዚህ ምድጃ ላይ እሳቱን የሚቀንሰው እጅሽ ነው፦ ራክዌዋን ከፍ ታደርጊያለሽ፣ ዝቅ ታደርጊያለሽ። ረጅሙ እጀታ የተሠራውም ለዚህ ነው። ምድጃሽ ሽቦው የሚታይ ከሆነ ደግሞ ተጠንቀቂ፤ የብረት ዕቃ በቀጥታ ሽቦው ላይ አይቀመጥም፣ ቡና ከፈሰሰበትም ሶኬቱን ሳትነቅዪና ሳይቀዘቅዝ አትጥረጊው።

ከዚያ የሚሻለው በቤትሽ አለ፤ የጀበናው ከሰል። ቱርክ ውስጥ አንዳንድ ቦታ ቡና የሚፈላው በፍም ወይም በጋለ አሸዋ ላይ ነው፤ ሁለቱም ሙቀታቸው ረጋ ያለ ነው። ከሰሉ ነዶ ካለቀና አመድ ከለበሰ በኋላ ራክዌዋን ከፍሙ ዳር አስቀምጪ። ስትፈልጊ ወደ መሐል ትገፊያታለሽ፣ ሲፈጥንብሽ ወደ ዳር ትስቢያታለሽ። መስኮት መክፈት አትርሺ።

እንግዲህ ለእናትሽና ላንቺ ትንሿ ራክዌ መጥታልሽ ስታፈዪ እናስብ። ውኃውን በምትጠጡበት ሲኒ ለኪ፤ ሲኒው 70 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ከሆነ ሁለቱ 140 ይሆናሉ። ለእያንዳንዱ ሲኒ 7 ግራም፣ ማለትም ሞላ ያሉ ሁለት የሻይ ማንኪያ ቡና ያስፈልጋል፤ ለሁለታችሁ አራት። ስኳር የምትወዱ ከሆነ አሁኑኑ ጨምሪ፤ ኋላ ማማሰል አረፋውን ያጠፋዋል። ሄል የለመድሽ ከሆነም ጊዜው አሁን ነው። ቀዝቃዛውን ውኃ አፍስሺና ደረቅ ጓል እስኪጠፋ ድረስ በደንብ አማስዪ፤ ከዚያ ማንኪያውን አውጥተሽ አስቀምጪ። እሳት ላይ ከተጣደ በኋላ አይነካም።

መካከለኛና ዝግ ያለ ሙቀት ላይ ጣጂው። አራት ደቂቃ ያህል ቢፈጅ ጥሩ ነው፤ በሁለት ደቂቃ ከተነሣ እሳቱ በዝቷል። መጀመሪያ ምንም የሌለ ይመስላል። ከዚያ በዳር ዳሩ ቀጭን፣ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ቀለበት ይወጣል። ከዚህች ቅጽበት ጀምሮ ስልክ አይነሣም፣ በር አይከፈትም። ቀለበቱ እየወፈረ ወደ መሐል ይጠባል፤ መሐሉ ላይ ጥቁር ዓይን ይቀራል። ዓይኑ ሊዘጋ ሲል መላው አረፋ እንደ ሊጥ ቀስ ብሎ ይነፋና ይነሣል። ከአፉ አንድ ጣት ሲቀረው ከእሳቱ አንሺው። መሐሉ ላይ እንደ መስታወት የሚያበሩ ትልልቅ ኳሶች ፈንድተው ካየሽ ፈልቷል፤ ያ አረፋ አይመለስም። ቀለበቱ ወጥቶ ሳይወፍር በአንድ ጊዜ ከፈላ እሳቱ ነው የበዛው፤ እሳቱ ዝግ ብሎም ቀለበቱ ከነጭራሹ ካልወጣ ቡናው አርጅቷል ወይም አልደቀቀም።

ካነሣሽው በኋላ በማንኪያ ከአረፋው ለሁለቱ ሲኒ እኩል አካፍዪ። ይህን ካላደረግሽ መጀመሪያ የተቀዳው ሲኒ ሁሉንም ይወስዳል፤ እናትሽ አረፋ ሲጠጡ አንቺ ጥቁሩን ታያለሽ። ራክዌዋን ዳር ዳሩ እንደገና እስኪነሣ ድረስ ለአሥራ አምስት፣ ለሃያ ሰከንድ ያህል እሳቱ ላይ መልሺና ወዲያው አውርጂ። ስትቀጂ ከከፍታ አታውርጂው፤ የሲኒውን ግድግዳ እያስታከክሽ ቀስ አድርገሽ አፍስሺ፤ አረፋው ራሱ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። አተላው እስኪሰክን አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ። እዚህ ጀበና እንደሚያጣራው የሚያጣራው የለም፤ አተላው ሲኒው ውስጥ ይቀራል፣ የመጨረሻውን ጉንጭ ትተዪዋለሽ።

አሠሪሽ የሰጡሽን ትልቋን ራክዌ አስቀምጪያት፤ ስድስት እንግዳ ሲመጣ 42 ግራም ቡናና 420 ሚሊ ሊትር ውኃ ትይዛለች። ያን ዕለት ሰባት ስምንት ደቂቃ ሊፈጅ ስለሚችል ዘግይቶ ነው ብለሽ እሳቱን አትጨምሪ።