የሰባተኛው ቤት ገዢ እና የስምንት ሰዓት ስሕተት፦ በውጭ አገር ለምትኖሩ ወገኖቼ

አሜሪካ ከገባሁ ሃያ ስድስት ዓመት ሆነኝ። በእነዚህ ዓመታት የልደት ሰንጠረዥ በስልካቸው ይዘው ወደ ቤቴ የመጡ ወጣቶች ብዙ ናቸው፤ የሁሉም ጥያቄ ግን አንድ ነው፦ «ትዳሬ ከምን ዓይነት ሰው ጋር ነው?» የኮከብ ቆጠራ ትምህርት ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚፈልገው ሰንጠረዡ ከሚከፈልባቸው ዐሥራ ሁለት ቤቶች በሰባተኛው ሲሆን፣ የትዳር ጓደኛን ጠባይ የሚያነበውም በዋናነት ከዚያ ቤት ገዢ፣ ማለትም በቤቱ ላይ ያለውን ኮከብ ከሚገዛው ፕላኔት ነው። አብዛኞቻችሁ ግን የምታነቡት የራሳችሁን ገዢ አይደለም። ይህን በቁጣ ብናገር አትፍረዱብኝ፤ ምክንያቱን በሦስተኛው ቁጥር ታገኙታላችሁ።

1. ወረቀት

በስደት ወረቀታችሁ ላይ የሰፈረው የጃንዋሪ 1 ልደት ለመንግሥት ቢሮ ይበቃል፤ ለሰንጠረዥ ግን አይሆንም። እውነተኛውን ቀን ከወላጆቻችሁ ጠይቁና ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ቀይሩት፤ ዓመቱን ለመቀየር ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ለተወለደ 7፣ ከዚያ በኋላ ለተወለደ 8 ይደመራል።

2. የስም ኮከብ እና የልደት ኮከብ

«ኮከቤ አሰድ ስለሆነ ሰባተኛዬ ደለዊ ነው፤ ገዢውም ሳተርን ነው» የሚለኝ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው አሰድነቱን ከየት እንዳገኘው ነው። ብዙ ጊዜ መልሱ በልጅነቱ አንድ ደብተራ የእርሱንና የእናቱን ስም ፊደላት በቁጥር ደምረው፣ በ12 ገድፈው የነገሩት መሆኑ ነው። ይህ የአባቶቻችን የዐውደ ነገሥት ስሌት የራሱ ሥርዓት ያለው ነገር ነው፤ ነገር ግን ከስም እንጂ ከሰማይ አይነሣም። ሰባተኛው ቤት የሚቆጠረው በተወለዳችሁባት ደቂቃ በምሥራቅ አድማስ ላይ ይወጣ ከነበረው ኮከብ ነው። በምሥራቅ የሚወጣው የመጀመሪያው ቤት ማለትም እናንተ ራሳችሁ ስትሆኑ፣ በዚያው ቅጽበት በምዕራብ የሚጠልቀው ሰባተኛው ቤት ማለትም አጠገባችሁ የሚቆመው ሰው ነው። ሁለቱን ስሌቶች የሚቀላቅል ሰው ከሁለቱም አንዱን አያገኝም።

3. ሰዓት

ዐሥራ ሁለቱ ኮከቦች በአንድ ቀንና ሌሊት ዙረው ስለሚጨርሱ፣ እያንዳንዱ ኮከብ በምሥራቅ ወጥቶ እስኪያልቅ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ አንዷ ዲግሪ ደግሞ አራት ደቂቃ ያህል ትወስዳለች። ስለዚህ ቀኑን ትክክል አድርጎ ሰዓቱን የሳተ ሰው ሰባተኛ ቤቱን ይስታል። እኛ ደግሞ በተለይ ለዚህ ስሕተት የተጋለጥን ነን፤ ምክንያቱም ሰዓታችንን የምንቆጥረው ከንጋት ጀምረን ሲሆን፣ ሰንጠረዡን የሚያወጡት ድረ ገጾች ስሌት የሚጀምረው ከእኩለ ሌሊት ነው። ልዩነቱ ስድስት ሰዓት ነው፤ ስድስት ሰዓት ማለት ደግሞ ሦስት ኮከብ ማለት ነው።

እህቴን የጎዳኋት በዚህ ነው። ታናሽ እህቴ አዲስ አበባ የተወለደችው በ1978 ዓ.ም. ነው። አንድ ቀን ስልክ ደውላ፣ «ወንድም ጋሼ፣ ይሄን ሰው ላግባው ወይስ ይቅርብኝ? ሰንጠረዤን እይልኝ» አለችኝ። ሰውየው ከእርሷ ዘጠኝ ዓመት የሚበልጥ፣ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ሌሊት ሌሊት የሚሠራ፣ ትንሽ የሚናገር፣ ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ነበር። እናታችን ለኅዳር ሚካኤል አጥቢያ፣ ስምንት ሰዓት ላይ እንደ ወለደቻት አውቅ ስለነበር ቀኑን በትክክል ኖቬምበር 21 ቀን 1985 ብዬ አስገባሁት፤ ሰዓቱን ግን 8:00 AM ብዬ ጻፍኩ። ከአሜሪካ ሰዓት ጋር ብዙ ዓመት የኖረ እጅ የሚያደርገውን ነው ያደረገው።

የወጣው ሰንጠረዥ በምሥራቅ ቀውስን አሳየኝ። ሰባተኛው ቤት ገውዝ ሆነ፤ የገውዝ ገዢ ሜርኩሪ ነው። ሜርኩሪ በዚያ ቀን ቀውስ ውስጥ ወደ ኋላ ይሄድ ነበር። ቀውስ ደግሞ ከራሱ ቤት ከገውዝ ፊት ለፊት ያለ ኮከብ በመሆኑ፣ ሜርኩሪ እዚያ ሲቀመጥ ኃይሉ የተዳከመ ይባላል። ያነበብኩላትም ሥርዓቱን ጠብቄ ነው፦ ሜርኩሪ የሰባተኛው ገዢ ሲሆን የትዳር ጓደኛን በዕድሜ ወጣት፣ አንደበተ ርቱዕ፣ በንግድ ወይም በጽሕፈት ሥራ የሚኖር፣ ሐሳቡ ቶሎ የሚለዋወጥ ያደርገዋል፤ ወደ ኋላ መሄዱ ደግሞ ሄዶ የሚመለስን ሰው ያመለክታል። «የቀድሞ ሰውሽ ይመለሳል፤ ይህ ጭምት ሰው የሰባተኛ ቤትሽ ሰው አይደለም» አልኳት። እርሷም ቀለበቱን መለሰች። የቀድሞው ወጣትም በእርግጥ ደወለ፤ ለሦስት ዓመት ያህልም እየደወለ ጠፋ።

እውነቱን የሰማሁት እናታችን ልትጠይቀን የመጣች ጊዜ ነው። ቡና እየተጠጣ ስለ ልደቶቻችን ስታወራ፣ «አንቺንማ በዚያ የሰዓት እላፊ ዘመን፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ መኪና ከየት ይመጣል? ጎረቤት ናት ያዋለደችኝ» አለች። ሲኒዬን አስቀምጬ ተነሣሁ። «ለሚካኤል አጥቢያ» ማለት ለሚካኤል ቀን የሚነጋው ሌሊት ማለት መሆኑን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ፤ ቀኑን ያገኘሁትም በዚሁ ቃል ነበር። ቃሉ ሰዓቱን ጭምር እንደ ነገረኝ ግን አላስተዋልኩም። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በፈረንጆቹ 2:00 AM ነው።

ትክክለኛውን ሰዓት ሳስገባ በምሥራቅ የወጣው ሰንቡላ ነበር፤ 23ኛው ዲግሪ ገደማ። የሰንቡላ ፊት ለፊት ሑት ነውና ሰባተኛው ቤት ሑት ሆነ፤ የሑት ገዢም በጥንቱ ሥርዓት ጁፒተር ነው፤ የዐውደ ነገሥት አባቶች መሽተሪ የሚሉት። የትዳር ጓደኛው መልክ ከሥር መሠረቱ ተለወጠ። የገዢውን ምስክርነት በቅደም ተከተል ላሳያችሁ፣ ምክንያቱም ብዙዎቻችሁ የመጀመሪያውን ደረጃ አንብባችሁ ትዘጋላችሁ።

መጀመሪያ የፕላኔቱ የራሱ ጠባይ ይታያል። ጁፒተር በሳል፣ ለጋስ፣ ፈሪሃ እግዚአብሔር ያለው፣ ፍትሕን የሚወድ ሰውን ያመለክታል። ቀጥሎ የተቀመጠበት ኮከብ ይታያል፤ ጁፒተር በዚያ ሌሊት ደለዊ ውስጥ ነበር፤ ደለዊ ደግሞ የሳተርን ቤት ነው። ሳተርን ዕድሜን፣ ዝምታንና ሥራን ስለሚጨምር፣ ለጋሱ ሰው ጭምትና በዕድሜ የሚበልጥ ይሆናል። ሦስተኛ፣ ያስተናገደው ፕላኔት የት እንዳለ ይፈተሻል፦ ሳተርን በዚያን ጊዜ ቀውስ መጀመሪያ ላይ ነበር፤ ቀውስ ደግሞ የጁፒተር ቤት ነው። አንዱ በሌላው ቤት ተቀምጧል ማለት ነው፤ ይህን የሙያው ሰዎች መቀባበል ይሉታል፤ ሁለቱ እንደሚረዳዱም ይቆጥሩታል። ይሁን እንጂ ሳተርን ለፀሐይ እጅግ ቀርቦ ስለ ነበር ተቃጥሏል ይባላል፤ ስለዚህ ረዳቱ ራሱ የደከመ ነው፤ ይህም የትዳር ጓደኛው ድካም የበዛበትና ከዓይን የራቀ ኑሮ እንደሚኖር ያሳያል። አራተኛ፣ ገዢው የወደቀበት ቤት ይታያል፤ ከሰንቡላ ስንቆጥር ደለዊ ስድስተኛው ነው፤ ስድስተኛው ቤት ደግሞ የድካም ሥራ፣ የአገልግሎትና የሕመም ቤት ነው። በመጨረሻም በሰባተኛው ውስጥ የተቀመጠ ካለ ይታያል፤ ጨረቃ ሑት ውስጥ ነበረች፤ እርሷም ርኅራኄንና የቤት ሰውነትን ትጨምራለች።

በዕድሜ የሚበልጥ፣ ጭምት፣ ሕሙማንንና አረጋውያንን በሌሊት የሚያገለግል ሩኅሩኅ ሰው። ይህንን ሰው ነው ቀለበቱን መልሺለት ያልኳት።

ነገሩ በዚህም አያበቃም። ሰንቡላ 23ኛ ዲግሪ ላይ ማለት ወደሚቀጥለው ኮከብ ሰባት ዲግሪ ብቻ ይቀራል ማለት ነው፤ ሰባት ዲግሪ ደግሞ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። እናታችን ስምንት ሰዓት ያለችው በእውነቱ ስምንት ሰዓት ተኩል ከነበረ የሚወጣው ሚዛን ነው፤ ሰባተኛው ቤት ሐመል፣ ገዢውም ማርስ ይሆናል። ማርስ በዚያ ሌሊት ሚዛን ውስጥ፣ ማለትም በመጀመሪያው ቤት ነበር፤ ይህ ደግሞ ራሱ አሳድዶ የሚመጣ፣ ቁጡና ችኩል ባልን ያሳያል። በጨለማ ስታምጥ ያደረች ሴት የሰዓት ልኳን በግማሽ ሰዓት ብትስት ማን ይፈርድባታል? ስለዚህ በምሥራቅ የሚወጣው ዲግሪ በኮከቡ መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ላይ ሲሆን፣ ሁለቱንም ገዢዎች ጽፋችሁ ባለፈ ኑሯችሁ መዝኑ እንጂ አንዱን ይዛችሁ አትፍረዱ። እናቶቻችሁንም «ስንት ሰዓት ነበር?» ብቻ ብላችሁ አትጠይቋቸው። ጨለማ ነበር ወይስ ብርሃን? ዶሮ ጮኾ ነበር? የቅዳሴ ደወል ተሰምቶ ነበር? አባታችሁ ከሥራ ገብተው ነበር? እንዲህ ያለው ጥያቄ ነው የሌሊቱን ስምንት ሰዓት ከቀኑ የሚለየው፤ እናቶቻችሁ በሕይወት ሳሉ ዛሬውኑ ደውላችሁ ጻፉት።

4. የገዢው ወሰን

ሰንጠረዡ ትክክል ሆኖም ገዢው የሚናገረው ስለ ሰው ዓይነት ነው፤ ስም አይጠራም፣ ቀን አይቆርጥም፣ እገሌን ተዪው አይልም። አንባቢዎችም በሁሉ ነገር አይስማሙም። ለምሳሌ ቤቶችን በዲግሪ የሚከፍለው የብዙ ድረ ገጾች ስሌት የእህቴን ጁፒተር በአምስተኛው ቤት ያስቀምጠዋል፤ ያ ከሆነ የአገልግሎት ሥራ የሚለው ምስክርነት ይቀርና የልጆችና የደስታ ቤት ይተካዋል። የሕንድ ሊቃውንት ደግሞ የኮከቦቹን መጀመሪያ 24 ዲግሪ ያህል ወደ ፊት አርቀው ስለሚቆጥሩ፣ በእነርሱ ሰንጠረዥ የእህቴ መውጫ ወደ አሰድ መጨረሻ ይንሸራተታል፤ ሰባተኛዋ ደለዊ፣ ገዢዋም ሳተርን ይሆናል። በጥንት ዘመን የነበረው በጥሊሞስም ለሴት ባልን በተለይ ከፀሐይ፣ ለወንድ ሚስትን ከጨረቃ ነበር የሚያነበው። እንግዲህ በዚህ ሁሉ ልዩነት መካከል አንድ ገዢ ተይዞ፣ ያውም በተሳሳተ ሰዓት፣ በር ላይ የቆመ ደግ ሰው አይመለስም።

ሰውየው በሌላ ከተማ አግብቶ ሁለት ልጆች ወልዷል። እህቴ ስለዚህ ጉዳይ አንድም ቀን ወቅሳኝ አታውቅም፤ ለኅዳር ሚካኤል ስደውልላት «እንኳን ተወለድሽ» የምላት ግን ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በኢትዮጵያ ሰዓት አስልቼ ነው።