ጥያቄና መልስ፦ ከወራት በኋላ ሌላ ሰው ሲሠራው ያው ውጤት እንዲወጣ

ሜሮን፦ ጋሽ ዳዊት፣ ኮዱን ከነዳታው ለባልደረባዬ ሰጠሁት። set.seed(42) አለበት፤ እሱ ጋ ግን ሌላ ናሙና ወጣ። ለምን?

ዳዊት፦ የአር ቨርዥናችሁን ሳትነግሪኝ ግምት ነው የምሰጥሽ፤ ምልክቱ ግን የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 አር 3.6.0 ሲወጣ sample() የሚመርጥበት ስልት ተቀየረ። አንዳችሁ 3.5፣ ሌላችሁ ከዚያ ወዲህ ያለውን ከያዛችሁ፣ ሲዱ አንድ ቢሆንም የሚመረጡት ረድፎች ይለያያሉ። ስህተት የሚል መልእክትም አይመጣም። አዲሱ ላይ ይህን ሞክሪ፦

```
set.seed(42, sample.kind = "Rounding")
```

ማስጠንቀቂያ ያወጣል፣ አትደንግጪ። የድሮው ናሙና ከተመለሰ ምክንያቱ ተገኘ ማለት ነው። ከእንግዲህ ቨርዥኖቹን የሚያሳየው የ sessionInfo() ውጤት ሥራው በተሠራበት ዕለት ይቀመጥ።

ቢንያም፦ ዶከር ብትጠቀሙ ይህ ሁሉ ጣጣ አይመጣም።

ዳዊት፦ ቨርዥኑን ይይዝልሃል። አንድ ረድፍ ከዳታው ለምን እንደተወገደ ግን አይነግርህም።

ሃና፦ እኔ ጁፒተር ላይ ስለምሠራ ሁሉም እዚያው ተጽፏል። ሌላ ማስታወሻ ምን ያደርጋል?

ዳዊት፦ ከሴሎቹ በስተግራ ያለውን ቁጥር እዪ። [7] ከ[3] በላይ ከተቀመጠ፣ የተጻፈው የሠራሽበት ቅደም ተከተል አይደለም። ከርነሉን አስነስተሽ ከላይ እስከ ታች አሂጂው።

ተስፋዬ፦ ዳታ ሳጸዳ ምን ያህል በዝርዝር ልጻፍ?

ዳዊት፦ ይህ ነው ዋናው ጥያቄ። ከእያንዳንዱ እርምጃ በኋላ ስንት ረድፍ እንደቀረ ጻፍ። እንበል 1,240 ረድፍ ተቀበልክ። ተደጋጋሚ 18 ስታወጣ 1,222፣ ዕድሜ የሌላቸውን 31 ስታወጣ 1,191 ቀረ። ከዚያ ከሌላ ሰንጠረዥ ጋር ስታገናኘው 1,204 ሆነ። ከየት መጣ 13ቱ? በሁለተኛው ሰንጠረዥ መለያ ቁጥሩ የተደጋገመ አለ። መጨረሻውን ብቻ ጽፈህ ቢሆን ይህን ማንም አያየውም።

«ተደጋጋሚ ወጣ» ብለህም አትለፍ። የትኛው ቀረ? የመጀመሪያው ከሆነ፣ በምን ተደርድሮ ነው የመጀመሪያ የሆነው? ሁለቱ ረድፎች የተለያየ ዕድሜ ከያዙ፣ ድርደራው ሲቀየር አማካዩም ሊቀየር ይችላል። ደግሞ ዕድሜ የሌላቸውን አስቀድመህ ብታወጣ 18 እና 31 ላይሆኑ ይችላሉ፤ ተከታዩ ሰው የአንተን ቁጥር ፍለጋ ሲደክም ይውላል።

ቢንያም፦ ይሄ ኮዱ ውስጥ በኮሜንት መሆን አለበት። የተለየ ፋይል ይረሳል።

ሃና፦ ኮድ ሲቀየር ኮሜንቱ እንዳለ ይቀራል፣ ቢንያም። ቁጥሩን ኮዱ ራሱ ፋይል ላይ ቢጽፈው ይሻላል።

ዳዊት፦ ቁጥሩን በተመለከተ ሃና ልክ ናት። ምክንያቱን ግን ሰው ነው የሚጽፈው፤ የት እንደሚቀመጥ ተከራከሩበት።

ሰለሞን፦ ሲድ ካስገባሁ አይበቃም?

ዳዊት፦ ሰለሞን፣ ከላይ ለሜሮን የጻፍኩትን አንብብ። ቨርዥን!

ራሄል፦ የእኔ ዳታ የታካሚዎች ስለሆነ ለማንም አልሰጥም። ታዲያ ምን ላስቀምጥ?

ዳዊት፦ ስለ ፈቃዱ ኃላፊዎችሽን ጠይቂ። በእኔ በኩል የጥሬውን ፋይል የ sha256sum ቁጥር መዝግቢ። ነገ ፈቃድ ያገኘ ሰው ፋይሉን ሲከፍት ያው መሆኑን ያረጋግጥበታል። በኤክሴል ከፍቶ ሴቭ ያደረገው ሰው ካለም ያ ቁጥር ሊለይ ይችላል፤ መለያው 00417 የነበረው 417 ሆኖ ሊሆን ይችላል።