ከነእንጀራው የተገዛ ማር ተጣርቶ ኪሎው ስንት ያወጣል?

ጥያቄ፦ «50 ኪሎ ማር ከነእንጀራው ገዛሁ። ለሂሳብ እንዲመች ኪሎውን በ100 እንበለው። ሰሙ 15 በመቶ፣ እርጥበቱ 22 በመቶ ነው አሉኝ። ሲደመር 37 ስለሆነ አጣርቼ ኪሎውን በ137 ብሸጠው አልከስርም አይደል?»

ወንድሜ፣ በ137 ትከስራለህ። ኪሳራው ትንሽ ስለሚሆን ግን ላይታወቅህ ይችላል፤ የሚያሳስበኝም እሱ ነው። ሂሳብህ ውስጥ ሁለት ስህተት አለ። አንዱ የሚቀነሰውን ያበዛብሃል፣ ሌላው ዋጋውን ያሳንስብሃል። በዚህ ግዢ ተቀራርበው ተጣፉ እንጂ በሚቀጥለው አይጣፉም።

1. እርጥበት እንደ ሰም ተለይቶ የሚወጣ ነገር አይደለም። 22 በመቶ ማለት ከ100 ኪሎ ማር ውስጥ 22 ኪሎው ውሃ ነው ማለት ነው። አጣርተህ የምትሸጠው ጥሩ ማርም ቢሆን 18.5 በመቶ ገደማ ውሃ በውስጡ ይዞ ነው የሚሸጠው። ኮዴክስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃም ለአብዛኛው ማር እስከ 20 በመቶ ይፈቅዳል። ስለዚህ ከሚዛንህ የሚጎድለው ልዩነቱ ብቻ ነው። ሲሰላም 22 ሲቀነስ 18.5 እኩል ይሆናል 3.5 ተብሎ አይደለም። ማሩ ሲደርቅ ስኳሩ አይነካም፣ ውሃው ብቻ ነው የሚሄደው። ስለዚህ እንዲህ ይሰላል፦

የደረቀው ማር = የተጣራው ማር × (100 − የመጀመሪያው እርጥበት) ÷ (100 − የመጨረሻው እርጥበት)

37 ኪሎ የተጣራ ማር ከ22 ወደ 18.5 ቢወርድ፣ 37 × 78 ÷ 81.5 = 35.4 ኪሎ ይሆናል። የሄደው 1.6 ኪሎ ነው። ካላደረቅከው ምንም አይጎድልም፤ ግን 22 በመቶ ላይ የተቀመጠ ማር ይቦካል። ላዩ ላይ አረፋ ይሰራል፣ ክዳኑ ይነፋል፣ ሲከፈት ይኮመጥጣል። ያን ጊዜ የሚጠፋው ኪሎ ሳይሆን ደንበኛ ነው።

ደግሞ 22 ያሉህ ሰዎች በምን ለኩት? ሪፍራክቶሜትር በሚባለው የእርጥበት መለኪያ ከሆነ ናሙናው ከየት እንደተወሰደ ጠይቅ። ውሃ የበዛበት ማር ስለሚቀል ባልዲው አናት ላይ ይሰፍራል። ከላይ ብቻ የተጨለፈ ጠብታ ከፍ ያለ ቁጥር ይሰጣል፣ ከታች የተቀዳው ዝቅ ያለ። ከታች እስከ ላይ በደንብ አማስለህ ከዚያ ለካ።

2. ሰሙ 15 በመቶ ነው የሚባለውን እርሳው። እንጀራው ያረጀ ከሆነ፣ እጭ ካለበት፣ ወይም የአበባ ብናኝ ከሞላበት ቁጥሩ ይለያያል። ጭመቃውም ራሱ ለውጥ ያመጣል፤ በወንፊት ላይ ብቻ የተንጠባጠበ ሰፈፍ በመጭመቂያ ከተጨመቀው የበለጠ ማር ይዞ ይቀራል። መልሱ ሚዛን ላይ ነው፣ በየደረጃው መዝን። አንድ 50 ኪሎ ምሳሌ እንውሰድ። እጭ ያለበትን፣ ብናኝ የሞላውንና የጠቆረውን ባዶ እንጀራ ለይተህ ስታወጣ 3 ኪሎ ሄደ፣ 47 ቀረ። ከተጨመቀ በኋላ መጭመቂያው ውስጥ የቀረው ሰፈፍ 8.5 ኪሎ መዘነ። ማሩ ሁለት ቀን ሲያርፍ ላዩ ላይ የተገፈፈው አረፋና ታች የዘቀጠው 0.8 ሆነ። ባልዲና ወንፊት ላይ ተጣብቆ የቀረው 0.7። 37 ኪሎ ይቀራል፤ ደርቆ 35.4። ከ100 ጥሬ 71 ገደማ ማለት ነው እንጂ አንተ እንደፈራኸው 63 አይደለም።

50 ኪሎ ያልከው ባልዲው ተቀንሶ ነው? ባዶ ባልዲው 2 ኪሎ ቢሆንና አብሮ ተመዝኖ ከሆነ የከፈልከው ለ48 ኪሎ ማር ነው፤ የኪሎው ዋጋ ገና ከመነሻው 4 በመቶ ጨምሯል። ባልዲን በማር ዋጋ መሸጥ ዓይን ያወጣ ስርቆት ስለሆነ ሲመዘን ቆመህ እይ፣ ባዶውንም አስመዝን።

3. ትልቁ ስህተት ግን መደመርህ ነው። 29 በመቶ ጎደለ ማለት ዋጋው ላይ 29 በመቶ ይጨመራል ማለት አይደለም። የከፈልከው 5,000 ነው፣ በእጅህ ያለው 35.4 ኪሎ ነው፤ ስታካፍለው ኪሎው 141 ይመጣል። 129 ብለህ ብትሸጠው የምትሰበስበው 4,567 ነው። የጉልበትህን ሳትቆጥር 433 ከኪስህ ወጣ። የጎደለው በበዛ ቁጥር ይህ ልዩነት እየሰፋ ይሄዳል፦ 10 በመቶ ቢጎድል መጨመር ያለበት 11 ነው፣ 40 ቢጎድል 67 ነው። ያንተን 37 በትክክል ብታካፍለው 159 ይመጣ ነበር፤ ያን ጠይቀህ ደግሞ ገዢ ታጣለህ።

ከዚህ ላይ የጭመቃና የማድረቂያ ወጪ ይደመራል፣ የሰሙ ሽያጭ ይቀነሳል። ያ 8.5 ኪሎ ሰፈፍ በሙሉ ሰም አይደለም፤ ግማሹና ከዚያ በላይ የሚሆነው የተጣበቀ ማርና ቆሻሻ ነው። ለብ ባለ ውሃ ታጥቦ፣ ውሃ ውስጥ ቀልጦ በጨርቅ ሲጠለል 3.2 ኪሎ ንጹሕ ሰም ወጣው እንበል። ሰም 63 ዲግሪ አካባቢ ስለሚቀልጥ ፍላት አያስፈልገውም፤ በቀጥታ እሳት ላይ ከተጣደ ጠቁሮ ዋጋው ይወርዳል። ኪሎው በ150 ቢሸጥ 480፣ የማገዶና የጉልበት 130 ሲወጣለት 350 ይቀራል። የጭመቃውና የማድረቂያው ወጪ 300 ከሆነ፦

(5,000 + 300 − 350) ÷ 35.4 = 140

ይህ የማሰሮ ዋጋና ትርፍ የሌለበት፣ ከዚያ በታች የማትወርድበት ዋጋ ነው። 137 ላይ ብትሸጥ ወደ 100 ገደማ ትጎዳለህ። ትርፍም ስትጨምር ያው የማካፈል ነገር ይመጣል፤ ከሽያጩ 20 በመቶ እንዲተርፍህ ከፈለግህ 140ን ለ0.8 አካፍለህ 175 ትላለህ፣ 168 አይደለም።

ማድረቁ ላይ አትቸኩል። ማሩን ምድጃ ላይ ጥደህ ውሃውን ላትነው ብትል ይጠቁራል፣ ሽታው ይሄዳል፤ ከ40 ዲግሪ አታሳልፈው። ሰፊ ትሪ ላይ ስስ አድርገህ ደረቅና ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ አየር ይንፈስበት። የክፍሉ አየር እርጥበት ከ60 በመቶ በላይ ከሆነ ግን የምትፈልገው ቦታ አይደርስልህም፤ ደርቆ የነበረው ማር እንኳ ከአየሩ ውሃ መልሶ ይስባል። የሚቀለው መንገድ ከጭመቃው በፊት ነው፦ ንቦቹ በሰም ያላሸጉትን እንጀራ ለይተህ ለብቻው ጭመቅ። ውሃው የሚበዛው እዚያ ነው፤ የታሸገው ብዙውን ጊዜ ማድረቂያ አይፈልግም፣ 1.6 ኪሎውም አይሄድብህም።

በኪሎ አስልተህ በሊትር እንዳትሸጥ ደግሞ። አንድ ሊትር ማር 1.4 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። የሊትር ጠርሙስ ሞልተህ የአንድ ኪሎ ዋጋ ከተቀበልክ፣ በ140 ስሌት ከእያንዳንዱ ጠርሙስ ላይ 56 ሰጥተሃል። አንድ ኪሎ ማር 0.7 ሊትር አካባቢ ቦታ ነው የሚይዘው፤ ባዶውን ማሰሮ ሚዛን ላይ አስቀምጠህ ቁጥሩን ዜሮ አድርግና ከዚያ ሙላ።