ተራራው ላይ ያስገባኸው ሎጅ ለምን ወደ ፊት ይወጣል? (ጥያቄና መልስ)

ከከዚራ፦ ጋሼ፣ ከድሬ ጀርባ ባለው ተራራ ላይ በፎቶሾፕ ሎጅ አስገባሁ። ስቲከር መሰለብኝ። Opacity ወደ 70 ሳወርደው ደግሞ ቋጥኙ በግድግዳው አልፎ ይታያል።

መልስ፦ Opacityውን 100 ላይ መልሰው። ሩቅ ነገር የሚደበዝዘው በመሃል ባለው አየር ነው። ስለዚህ ሎጁን የአየሩን ቀለም አልብሰው። ከሎጁ ሌየር በላይ Solid Color ክፈትና Create Clipping Mask በለው። ቀለሙን ከተራራው ጫፍ በላይ፣ ሰማዩ ግርጌ ካለው ጭጋግ ቅዳ።

መጠኑን በግምት አትሥራ። Info ላይ የቀዩን፣ የአረንጓዴውንና የሰማያዊውን ቁጥር አንብብ። በላክኸው ፎቶ ከሎጁ አጠገብ ያለው የዛፍ ጥላ ቀዩ 96 ነው። የሎጁ መስኮት 12፣ ጭጋጉ 176። መስኮቱ ጥላው ላይ ለመድረስ 84 ይቀረዋል፣ ጭጋጉ ላይ ለመድረስ 164። 84ን ለ164 ብታካፍል 51 በመቶ ይመጣል። በዚሁ ስሌት አረንጓዴው 53፣ ሰማያዊው 57 በመቶ ሰጠኝ። መካከለኛውን ይዘህ የአዲሱን ሌየር Opacity 53 አድርገው። ነጩ ግድግዳም ከ240 ወደ 206 ገደማ ይወርድልሃል፤ ኮንትራስቱን ለብቻ መቀነስ አያስፈልግህም። ጥላውን ስትመርጥ ግን የመጨረሻ ጥቁሩን ያዝ። ፈካ ያለ ከወሰድክ ጭጋጉ ይበዛብሃል።

ከጀጎል፦ አቦ ምን ሂሳብ ያስፈልጋል! ሩቅ ነገር ሰማያዊ ነው። ሰማያዊ ቀባ አድርጎ መገላገል።

መልስ፦ ሐረር ላይ፣ ዝናብ ባጠበው ጠዋት፣ ልክ ነሽ። የድሬ ከሰዓት አቧራ ግን ወደ ቢጫ ይሄዳል። እዚያ ሰማያዊ ከቀባሽ ሎጁ ከሌላ ከተማ የመጣ ይመስላል።

ከመጋላ፦ እኔም የሰርግ ፎቶ አለኝ፣ ከሙሽሮቹ ጀርባ ያለው ግንብ ደብዝዟል። Dehaze ልጎትት?

መልስ፦ ያንተ ተቃራኒው ነው፣ ጭጋግ ማንሳት። ጎትት፤ ግን ግንቡን ብቻ ምረጥ፣ አለዚያ የሙሽራዋ ፊት ይጠቁራል።

ከከዚራ፦ 53 አድርጌው ገባልኝ! አሁን ግን ሎጁ ፕላስቲክ መሰለ።

መልስ፦ ቀለሙ የሎጁን ግሬይን ስለሸፈነው ነው። ተራራው ግን የካሜራውን ግሬይን እንደያዘ ነው። መጀመሪያ የሎጁን ጠርዝ ከተራራው ጫፍ ጋር አስተያይና በትንሹ አለስልሰው። ግሬይኑን መጨረሻ ላይ፣ ከቀለሙ በላይ ጨምር። 100 ፐርሰንት አጉልተህ ከቋጥኙ ጋር አመሳስል።

ከሐረር፦ የሎጁ ሥር ከጣሪያው ይበልጥ መደብዘዝ የለበትም ወይ? አቧራ እኮ ታች ነው የሚተኛው።

መልስ፦ ጥሩ አየሽ። ተራራው ራሱ ወደ ታች የሚነጣ ከሆነ የቀለሙ ሌየር ማስክ ላይ ግራዲየንት ሳቢ። በዚህ ፎቶ ተራራው ወደ ታች ሲነጣ አላየሁም፤ ሎጁም አጭር ነው። አንድ ባልደረባዬ ግን ሁሌም ያደርገዋል፣ እስካሁን አልተስማማንም።